የፍቼ ተመልካቾች ስንቱ ቀረ? አዲስና ተመላሽ ተመልካችን በባች መከታተል

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ የሐዋሳ ዩቲዩበሮች ካሜራቸውን ይዘው በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ይወርዳሉ። የባህላዊው ጭፈራ የቄጣላ ቪዲዮ እንደተለቀቀ እይታው ይተኮሳል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ፈላጊው ከሲዳማ ውጭም ብዙ ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ግራፉ ቁልቁል ይወርዳል። ቻናሉም ከድሮ ተመልካቾቹ ጋር ይቀራል።

ያ ሁሉ ሰው መጣ፣ አየ፣ ሄደ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቀረ? ምናልባት እይታው ያልተኮሰ፣ ማንም ያላወራለት ሌላ ቪዲዮ ከዚህ የበለጠ ሰው አስቀርቶ ይሆን? ይህን ከእይታ ብዛት ማወቅ አይቻልም። ከሰብስክራይበር ብዛትም አይቻልም። ሰብስክራይብ አድርጎ ዳግም ዝር የማይል ሞልቷል።

ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። Analytics ውስጥ ገብተው Audience የሚለውን ይከፍታሉ። እዚያ አዲስ ተመልካችና ተመላሽ ተመልካች ተለይተው ይታያሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ቪዲዮዎቹን ያያሉ። ተመላሽ ተመልካች የበዛበትን ቪዲዮ ሲያገኙ «ታማኝ ተመልካች የሚያመጣልኝ ይሄ ነው» ይላሉ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ተመላሽ ተመልካች የበዛበት ቪዲዮ የሚነግረን ቀድመው ታማኝ የሆኑት ምን እንደሚወዱ ነው። እነዚያ ሰዎች በሌላ ቪዲዮ መጥተው፣ በሌላ ምክንያት ቀርተው ነው ዛሬ እዚህ የተገኙት። ለነሱ ብቻ የሚሠራ ቻናል ያሉትን ያስደስታል፤ አዲስ ታማኝ ግን ላያፈራ ይችላል። እኛ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሰው ከአንድ ወር በኋላ አለ ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፤ መልሳቸው ግን ሊለያይ ይችላል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሠራው ዘዴ የኮሆርት ትንታኔ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ ነገሩን በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ ባች ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢው ውስጥ ያለውን ተማሪ በጅምላ ቢቆጥር ስንቱ እያቋረጠ እንደሆነ አያውቅም፤ በየዓመቱ አዲስ ስለሚገባ ቁጥሩ ሁሌም ሙሉ ይመስላል። በአንድ ዓመት የገቡትን ለይቶ፣ ሁለተኛ ዓመት ስንቱ ደረሰ፣ ሦስተኛ ዓመት ስንቱ ደረሰ ብሎ ሲከታተል ነው ፍሰቱ የሚታየው። ቻናልም እንዲሁ ነው። በአንድ ሳምንት የመጡትን አንድ ባች እናደርጋለን። ከዚያ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ4ኛው ሳምንት ስንቱ እንደተመለሰ እንከታተላለን።

ዌብሳይት ወይም መተግበሪያ ያለው ሰው ይህን በቀጥታ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ስላለው ማን መቼ እንደመጣ ይታወቃል። ዩቲዩብ ግን የግለሰቦችን መረጃ ለቻናል ባለቤት አይሰጥም። «ሰኞ በፍቼ ቪዲዮ የመጣው ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን አየ» የሚል ሠንጠረዥ ስቱዲዮ ውስጥ የለም። የሚሰጠን ድምር ብቻ ነው። ስለዚህ ባቹን በግምት ማውጣት አለብን። ግምቱ ጥሩ የሚሆነው ደግሞ ቪዲዮ አለቃቀቃችንን ለዚሁ ብለን ካስተካከልን ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላቱ ትርጉም ትንሽ ልበል። ለዩቲዩብ አዲስ ተመልካች ማለት በመረጥከው ጊዜ ውስጥ ቻናልህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ነው። ነገር ግን የታየ ታሪኩን ያጠፋ፣ በድብቅ ብራውዘር የሚያይ፣ ወይም ከአንድ ዓመት በላይ ቻናልህን ሳያይ የቆየ ሰውም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ለፍቼ ቪዲዮ ጣጣ አላት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ስቱዲዮ ተመላሾቹን ለሁለት ከፍሏቸዋል። Casual የሚባሉት ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከ1 እስከ 5 በሚሆኑ ወራት ያዩ ናቸው። Regular የሚባሉት ደግሞ በ6 ወራትና ከዚያ በላይ ያዩ ናቸው። ክፍፍሉ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ የመጣ ሰው Regular ለመባል ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የዚህ ወር ቪዲዮ ሰው አስቀረ አላስቀረ ለማወቅ ያን ያህል መጠበቅ አይቻልም። በአራት ሳምንት የሚታይ ባች የምንሠራውም ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ምናባዊ ቻናል እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ስለ ከተማዋ የሚሠሩበት ቻናል አላቸው። በሳምንት አንድ ቪዲዮ ይለቃሉ። የአሞራ ገደል ዓሣ፣ የሐይቅ ዳር ምሽት፣ የገበያ ዋጋ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። በተለመደው ሳምንት 600 ያህል አዲስ ተመልካችና 2,000 ያህል ተመላሽ ተመልካች አላቸው። ከፍቼ በፊት በነበሩት 8 ሳምንታት ተመላሹ ከ1,900 በታች ወርዶ፣ ከ2,100 በላይም ወጥቶ አያውቅም። ይህቺን የ1,900 እና የ2,100 ስፋት ያዙልኝ፤ ኋላ ብዙ ነገር ትወስናለች።

የፍቼ ሳምንት መጣ። አዲስ ተመልካች 18,600 ደረሰ። የተለመዱትን 600 ስንቀንስ 18,000 ሰው በፍቼ መጣ ማለት ነው። የፍቼ ባች እነዚህ ናቸው። ልጆቹ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ምንም አዲስ ነገር አልሞከሩም፤ የተለመደውን የሳምንት ቪዲዮ ብቻ ለቀቁ። ይህ ግድ ነው። መሃል ላይ ሌላ ለየት ያለ ቪዲዮ ቢያስገቡ የመጣውን ለውጥ ማን እንዳመጣው አይታወቅም።

የተመላሽ ቁጥሩ ከፍቼ በኋላ በ1ኛው ሳምንት 2,900፣ በ2ኛው 2,400፣ በ3ኛው 2,200፣ በ4ኛው 2,150 ሆነ። ከተለመደው 2,000 በላይ ያለውን ብቻ እንውሰድ። 900፣ 400፣ 200፣ 150 ነው። ይህን ለ18,000ው ስናካፍል ከ1,000 የፍቼ መጤ 50ው በመጀመሪያው ሳምንት ተመለሰ። ከዚያ 22፣ ከዚያ 11፣ በ4ኛው ሳምንት 8።

ከዚያ ልጆቹ የቤት ኪራይ ቪዲዮ ሠሩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ክፍል የሚፈልግ ወጣት ከየአካባቢው ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ቆይቷል። ታቦር አካባቢ አንድ ሰርቪስ ስንት ነው፣ ቱላስ፣ ደላላ ምን ያህል ይወስዳል፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቪዲዮ ለቀቁ። አዲስ ተመልካች 3,000 መጣ፤ የተለመዱትን 600 ስንቀንስ 2,400። ከፍቼው ጋር ሲተያይ ምንም አይመስልም። እይታ ብቻ የሚያይ ሰው ይሄ ቪዲዮ አልሠራም ብሎ ይተወው ነበር።

መነሻው አሁን 2,000 አይደለም፤ 2,150 ነው። ለእያንዳንዱ ባች ከሱ በፊት የነበረውን መነሻ መውሰድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የፍቼን ሰዎች ለኪራይ ቪዲዮ እናስመዘግባለን። ተመላሹ በቀጣዮቹ ሳምንታት 2,700፣ 2,500፣ 2,420፣ 2,400 ሆነ። ጭማሪው 550፣ 350፣ 270፣ 250 ነው። ከ1,000 መጤ 229፣ 146፣ 113፣ 104።

ስሌቱን ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት ላይ ለመሥራት አንድ መስመር ይበቃል። C2 ላይ የተለመዱት 600 የተቀነሱለት የባቹ አዲስ ተመልካች፣ D2 ላይ መነሻው፣ E2 ላይ የ4ኛው ሳምንት ተመላሽ ካለ፦

```
=(E2-D2)/C2*1000
```

ሁለቱን ባቾች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የኪራዩ 104፣ የፍቼው 8 ነው። ለኔ ግን ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የመስመሩ ቅርጽ ነው የሚበልጠው። የፍቼው መስመር 50፣ 22፣ 11፣ 8 እያለ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የኪራዩ መስመርም ይወርዳል፤ ግን ከ3ኛው ወደ 4ኛው ሳምንት 113 የነበረው 104 ሆኖ መርጋት ጀምሯል። ሁሉም ባች መጀመሪያ ላይ ይወርዳል፤ ያ አያስደነግጥም። ታማኝ ተመልካች አለ የሚባለው መስመሩ ከዜሮ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ሲረጋ ነው። ስለዚህ በ1ኛው ሳምንት ቁጥር ብቻ መፍረድ አይገባም። የፍቼው 900 ሰው በ1ኛው ሳምንት ሲመጣ ልጆቹ በደስታ ዘለው ይሆናል። በ4ኛው ሳምንት ከ900ው የቀረው 150 ነው።

ይህ 150 ራሱ እውነት መሆኑ ያጠራጥራል። የተለመደው ሳምንት በራሱ ከ1,900 እስከ 2,100 ይወጣል ይወርዳል ብለናል። መቶ ወደላይ መቶ ወደታች የሚዋዥቅ ነገር ላይ የ150 ጭማሪ ከመዋዠቁ ብዙም አይርቅም። የፍቼ ባች ምናልባት ማንንም አላስቀረ ይሆናል። የኪራዩ 250 ግን ከመዋዠቁ በደንብ ይወጣል። እሱም ቢሆን አንድ ጊዜ በመሆኑ እንዳለ አይታመንም። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሌላ የኪራይ ሳምንት ተሠርቶ ተመሳሳይ መስመር ሲወጣ ነው ነገሩ የሚያዘው። ትንሽ ቻናል ላይ ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ሳምንታዊ ተመላሹ 100 ሰው የሆነ ቻናል በዚህ ዘዴ ምንም ማየት አይችልም፤ ጭማሪው ሁሉ መዋዠቁ ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ላለ ቻናል ከሳምንት ይልቅ የ28 ቀን ባች ይሻላል፤ ብዙ ወር መጠበቁ ግን አይቀርም።

ቁጥሩ ሲወሰድ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንደኛው የየቀኑን ተመልካች ደምሮ የሳምንት ማድረግ ነው። ሰኞና ሐሙስ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሳምንቱን ራሱን እንደ ጊዜ መርጦ ስቱዲዮ ያወጣውን ቁጥር መውሰድ ነው የሚሻለው። ሁለተኛው ሾርትስን ከረጅም ቪዲዮ ጋር መቀላቀል ነው። ሾርትስ በጣት ሲንሸራተት የሚያልፍ ነገር ስለሆነ አዲስ ተመልካችን ያባዛል፤ አካፋዩ ሲያብጥ ደግሞ መልሱ ያለአግባብ ይቀንሳል። ቻናሉ ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ የባቹ ሳምንት ላይ ሾርትስ መልቀቅ ማቆም ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ሌላው መጣራት ያለበት የተመለሱት ሰዎች ምን ለማየት እንደተመለሱ ነው። Advanced mode ውስጥ ገብቶ በ1ኛው ሳምንት ተመላሾቹ የትኞቹን ቪዲዮዎች እንዳዩ መመልከት ይቻላል። የፍቼ ሰዎች ተመልሰው ያዩት ያንኑ የፍቼ ቪዲዮ ወይም የዓምናውን ከሆነ የተመለሱት ለበዓሉ ነው፤ ዩቲዩብ እያቀረበላቸው ነው። የኪራይ ሰዎች የገበያ ዋጋውንና የሐይቅ ዳሩን ቪዲዮ ካዩ ግን ወደ ቻናሉ ገብተዋል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ታማኝ የምለው በአንድ ርዕስ መጥቶ ሌላ ርዕስ ያየውን ነው። ሌላ ሰው ሌላ መስፈርት ሊያወጣ ይችላል፤ ግን ቁጥሩን ከማየቱ በፊት ያውጣው።

እኛ አገር ደግሞ የራሱ መዛባት አለ። ስልክ ሲቀየር የጂሜይል ፓስዎርድ ይረሳል። ስልክ ቤቱ ያለው ልጅ አዲስ ጂሜይል ይከፍትልናል። ለዩቲዩብ አዲስ ሰው ሆንን። ሊንክ በቴሌግራም ደርሶት በአካውንቱ ሳይገባ የሚያይም አለ፤ እሱም ሁለተኛ ሲመጣ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ አንድ ቲቪ አምስት ሰው በአንድ አካውንት ያያል። አባት ዛሬ፣ ልጅ ነገ ቢያዩ አንድ ተመላሽ ተመልካች ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ ማረም አይቻልም። ደግነቱ ማረም አያስፈልገንም። የምናነጻጽረው ሁለት ባቾችን ነው። መዛባቱ ሁለቱንም እኩል ከነካ ንጽጽሩ አይበላሽም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እኩል በማይነካበት ጊዜ ነው። የኪራይ ቪዲዮው በቴሌግራም የደላላ ግሩፖች ውስጥ ከተሰራጨ፣ የፍቼው ደግሞ በዩቲዩብ ፍለጋ ከተገኘ፣ የኪራዩ ተመላሾች ከእውነታው አንሰው ይታያሉ። ስለዚህ Traffic source የሚለውን ለሁለቱም ማየት ያስፈልጋል። External የሚለው ድርሻ በአንዱ ሩብ፣ በሌላው ከመቶ ሁለት ከሆነ፣ ሁለቱን ባቾች በቀጥታ ማወዳደር አይገባም።

አሁን ወደ ፍቼዋ ጣጣ። ስምንቱን ሰው አይተን የበዓል ቪዲዮ ከንቱ ነው ልንል እንችላለን። ግን አስቡት፤ በየዓመቱ ፍቼ ሲደርስ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ውጭ አገር ያለ የሲዳማ ተወላጅ ለምሳሌ። ለበዓሉ ታማኝ ነው፤ የአራት ሳምንት ባች ግን አያየውም። የዩቲዩብ ቆጠራ ደግሞ የባሰ ያደናግራል። ፍቼ ቀኑ የሚታወቀው የሲዳማ አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ነው፤ በየዓመቱ ይለያያል። በሁለት ፍቼ መካከል ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ካለ ይህ ሰው ተመላሽ ይባላል። ከዓመት ካለፈ ደግሞ አዲስ ይባላል። አንድ ሰው፣ አንድ ልማድ፣ ሁለት ስም።

ስለዚህ የዘንድሮ የፍቼ ቪዲዮ ተመላሹ ከዓምናው በእጥፍ በለጠ ቢባል ቻናሉ አድጎ ላይሆን ይችላል፤ በዓሉ ቀደም ብሎ ስለዋለ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዓመት በዓል ቪዲዮን ዓመት በዓመት በአዲስና ተመላሽ ማወዳደር አይሠራም። እንቁጣጣሽና ገና ላይም ቻናሉን ያየው በዓመት አንዴ ብቻ ለሆነ ተመልካች ይሄው ችግር አለ፤ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማየቱ ብቻ ስሙን ይቀይረዋል።

ልጆቹ ቀጥሎ ሊያደርጉ የሚችሉት ፈተና አንድ ነው። የፍቼ ቪዲዮ ሰው ያመጣል፤ አያስቀርም። የኪራይ ቪዲዮ ያስቀራል፤ ብዙ ሰው አያመጣም። በሚቀጥለው ፍቼ ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል የሐዋሳ ኑሮን የሚያሳየውን ተከታታይ ሥራ መጨረሻው ላይ በሚወጣው ካርድ ያገናኙ። ሌላ ምንም አይቀይሩ። በ4ኛው ሳምንት ከ1,000 መጤ ስንት እንደቀረ ያስሉ። 8 የነበረው 20 ከሆነና የመጤው ብዛት እንደዘንድሮው 18,000 ከሆነ፣ የቀረው 360 ሰው ነው። ከኪራዩ 250 ይበልጣል፤ ከመዋዠቁም በላይ ነው። 8 ወይም 10 ላይ ከቆመ ደግሞ የፍቼው ሰው የሚፈልገው ቄጣላውን ብቻ ነው፤ የቀረጻ ጉልበታቸውን ወደ ታቦርና ወደ ቱላ ቢያዞሩት ይሻላል።